ረጅም መልስ የሚወደው ዳኛ

እ.ኤ.አ. በ2024 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂፒቲ-4 ቱርቦ የተባለውን ሞዴል ከራሱ ጋር አጋጠሙት። አልፓካኢቫል በሚባለው መመዘኛቸው ውስጥ 805 ጥያቄዎች አሉ። የዚህ ሞዴል መልሶች አስቀድመው ተሰብስበው የመወዳደሪያ መነሻ ሆነው ተቀምጠዋል። ማንኛውም አዲስ ሞዴል ሲመጣ ለእነዚያው ጥያቄዎች ይመልስና መልሱ ከመነሻው መልስ ጎን ይቀርባል። «የትኛው ይሻላል?» የሚለውን የሚፈርደውም ሰው ሳይሆን ራሱ ጂፒቲ-4 ቱርቦ ነው። በዚያ ሙከራ እንግዲህ ተወዳዳሪውም፣ ተፎካካሪውም፣ ዳኛውም አንድ ሆኑ። ውጤቱ 50 ለ50 መሆን ነበረበት።

አልሆነም። ተወዳዳሪው «በዝርዝር መልስ» ተብሎ ሲታዘዝ 64.3 በመቶውን ግጥሚያ አሸነፈ። ያው ሞዴል «አሳጥረህ መልስ» ሲባል ደግሞ ወደ 22.9 በመቶ ወረደ። እውቀቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም፤ የተለወጠው የመልሱ ርዝመት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በሠንጠረዡ ላይ በጥቂት ነጥብ እየተበላለጡ «ከእገሌ ሞዴል በልጠናል» የሚሉ ድርጅቶች ነበሩ። አርባ ነጥብ በአንዲት ትእዛዝ የሚናወጥ ከሆነ የእነዚያ ጥቂት ነጥቦች ብልጫ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መገመት አያቅትም።

ታዲያ ማሽን በማሽን ላይ እንዲፈርድ ለምን ተፈለገ? ቻትቦቶች የሚጠየቁት አብዛኛው ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም። «ለአሠሪዬ የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ጻፍልኝ» ለሚል ጥያቄ የመልስ ቁልፍ ማዘጋጀት አይቻልም፤ አንብቦ የሚያመዛዝን ያስፈልጋል። አንባቢው ሰው ሲሆን ደግሞ ሥራው ውድና ዘገምተኛ ነው። የአልፓካኢቫል ሰዎች ባሰሉት መሠረት አንድ ሺህ ጥንድ መልሶችን በሰው ለማስፈረድ 300 ዶላርና ከአሥር ሰዓት በላይ ሲጠይቅ፣ በጂፒቲ-4 ግን ወደ 14 ዶላርና ግማሽ ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ይበቃል። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በሳምንት ውስጥ ደርዘን ሙከራ ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ሰው መቅጠር ስለማይችሉ ዳኛ ሞዴል የዕለት ተዕለት መሣሪያቸው ሆኗል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለዳኛው ጥያቄው፣ «መልስ ሀ» እና «መልስ ለ» ይሰጡታል። ከነሱ ጋር መመሪያ አለ፦ ጠቃሚነቱን፣ ትክክለኛነቱን፣ ጥልቀቱን እይ፤ ምክንያትህን ጻፍ፤ በመጨረሻም «ሀ»፣ «ለ» ወይም «እኩል» በል። አንዳንዶች በማወዳደር ፈንታ ለእያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ያሰጡታል። ማወዳደሩ ግን ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ ሰውም ቢሆን «ይህ ስምንት ነው ወይስ ሰባት?» ከመባል ይልቅ «ከሁለቱ የትኛው?» ሲባል ይቀለዋል።

ይህን አሠራር በደንብ የፈተሸውና መልክ ያስያዘው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲንና የሌሎች ተቋማትን ተመራማሪዎች ያሰባሰበው ይህ ቡድን ኤምቲ-ቤንች የተባለ የ80 ጥያቄዎች መመዘኛ ሠርቶ፣ በጂፒቲ-4 ፍርድና በሰዎች ፍርድ መካከል ያለውን ስምምነት ለካ። እኩል የተባሉት ጥንዶች ወጥተው ሲቆጠር ጂፒቲ-4 ከባለሙያዎች ጋር በ85 በመቶው ተስማማ። ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው የተስማሙት በ81 በመቶው ነው። ብዙዎች ከጥናቱ ያስታወሱት ይህን አንድ ቁጥር ነው፤ «ማሽኑ እንደ ሰው ይፈርዳል» ተብሎም ተወራ። የጥናቱ ሌላ ግማሽ፣ ዳኛው የሚስትባቸውን መንገዶች የሚዘረዝረው ክፍል፣ ብዙም አልተወራለትም።

ከነዚያ ስህተቶች አንዱ የመቀመጫ ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱን መልሶች ቦታ አቀያይረው ድጋሚ ሲያቀርቡለት ጂፒቲ-4 በፍርዱ የጸናው 65 በመቶ ላይ ብቻ ነበር። በጊዜው የነበረው ክሎድ ቁጥር አንድ ደግሞ 24 በመቶ እንኳ አልደረሰም፤ በአብዛኛው መጀመሪያ የተቀመጠውን ይመርጥ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ቦታ በመቀያየር ብቻ ቪኩና የተባለው ትንሽ ሞዴል ከ80 ጥያቄዎች በ66ቱ ቻትጂፒቲን እንዲያሸንፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ዳኛው ቻትጂፒቲ ራሱ ሆኖ። ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ርካሽ ነው። እያንዳንዱን ጥንድ ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱም ቅደም ተከተል ማቅረብ፤ ፍርዱ ከተገለበጠ «እኩል» ብሎ መመዝገብ። ክፍያው እጥፍ ይሆናል እንጂ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያልቃል።

የርዝመቱ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም፤ ሁለት መልሶችን ቦታ ማቀያየር ይቻላል፣ ርዝመት ማቀያየር ግን አይቻልም።

የበርክሌዮቹ ሙከራ ችግሩን ራቁቱን ያሳያል። በቁጥር የተዘረዘሩ ነጥቦች ያሉባቸውን 23 መልሶች መረጡ። ከዚያ ዝርዝሩን ምንም አዲስ ነገር ሳይጨምሩ በሌላ አነጋገር አስጻፉትና ከመጀመሪያው ዝርዝር ፊት ለጠፉት። አሁን መልሱ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሆነ፤ ማንም አስተዋይ አንባቢ «የተበላሸው ይህ ነው» ይላል። ከዳኞቹ ክሎድ ቁጥር አንድና ጂፒቲ-3.5 እያንዳንዳቸው ከ23ቱ በ21ዱ የተደጋገመውን የተሻለ አሉት። ጂፒቲ-4 የተሳሳተው በሁለቱ ብቻ ነው። ግልጽ ድግግሞሽን እንግዲህ ጠንካራ ሞዴል ይይዘዋል። በስታንፎርዱ ሙከራ የታየው ግን ድግግሞሽ አይደለም፤ እውነተኛ የሚመስል፣ በአግባቡ የተጻፈ፣ ግን ያልተጠየቀ ትርፍ ማብራሪያ ነው። እዚያ ላይ ጠንካራውም ዳኛ ተረታ። የሚያስገርመው ደግሞ የኤምቲ-ቤንች መመሪያ ዳኛውን «የመልሱ ርዝመት በፍርድህ ላይ ተጽዕኖ አያሳድር» ብሎ በግልጽ ያዘው ነበር። ማዘዝ ብቻውን ዝንባሌን አያነቅልም።

ዝንባሌው ከየት መጣ? ዋናው ምንጭ እኛው ነን ማለት ይቻላል። እነዚህ ሞዴሎች የሰውን ምርጫ እያዩ የሠለጠኑ ናቸው። ሁለት መልሶች ለሰው ይቀርባሉ፣ ሰውየው አንዱን ይመርጣል፣ ሞዴሉ የተመረጠውን ወደመሰለ መልስ ይገፋል። በአልፓካኢቫል የሰዎች ፍርድ ውስጥ 64 በመቶ ጊዜ የተመረጠው ረዘም ያለው መልስ ነው። በዚህ ላይ አሳማኝ ምክንያት አለ፤ ረጅም መልስ ብዙ ጊዜ እውነትም የበለጠ ነገር ይዟል። ግን ስንፍናም አለበት። በሰዓት የሚከፈለው መራጭ ሁለት ረጃጅም ጽሑፍ ቀርቦለት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አይመረምርም፤ የተዘረዘረና የተብራራ የሚመስለውን ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ሥልጠናውን ይበልጥ አጋልጦታል። ለሞዴሉ ለመልሱ ርዝመት ብቻ ሽልማት ቢሰጠው እንኳ በሰው ምርጫ ሠልጥኖ የሚያገኘውን አብዛኛውን መሻሻል ያገኛል፤ እርግጥ በመመዘኛው ሲለካ ማለት ነው። ዳኛ ሞዴል የተወለደው ከዚሁ ሥልጠና ስለሆነ ያደገበትን ይፈርዳል። የአልፓካኢቫል የመጀመሪያው የጂፒቲ-4 ዳኛ ረጅሙን የመረጠው 68 በመቶ ጊዜ ነው፤ ከሰዎቹ በአራት ነጥብ ብቻ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። አራቷ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን አቅጣጫዋ ሁልጊዜ አንድ ነው። የሰው ስህተት ወዲያና ወዲህ ይበተናል፤ አንዱ ደክሞት አጭሩን ይመርጣል፣ ሌላው በችኮላ ረጅሙን። ብዙ ፍርድ ሲደመር ይጣፋል። የማሽኑ ዝንባሌ ግን ባለሱቁ ሚዛን ሥር የተለጠፈ ሰም ማለት ነው፤ መቶ ጊዜ ቢመዝኑበት መቶ ጊዜ በዚያው ልክ ያጎድላል። ከ805 ጥያቄ ወደ 8,000 ጥያቄ ቢያድጉ ቁጥሩ ይበልጥ የጸና ይመስላል እንጂ ወደ እውነቱ አይጠጋም።

ስታንፎርዶች ያመጡት መፍትሔ ረጅም መልስን መቅጣት አይደለም። እንደሱ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ወር ሁሉም ሞዴል አጭር መልስ ይጽፍ ነበር። እነሱ የጠየቁት ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የሁለቱ መልስ ርዝመት እኩል ቢሆን ኖሮ ዳኛው ምን ይል ነበር?» ይህን ለመገመት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተባለውን የቆየ የስታቲስቲክስ ዘዴ ተጠቀሙ። የዳኛውን እያንዳንዱን ፍርድ በሦስት ነገሮች አስረዱት፦ በሞዴሉ ችሎታ፣ በሁለቱ መልሶች የርዝመት ልዩነትና በጥያቄው ክብደት። ስሌቱ ከ805ቱ ፍርዶች ውስጥ ለእያንዳንዱ ምክንያት ድርሻውን ያወጣለታል። ከዚያ የርዝመቱን ድርሻ ዜሮ አድርገው የቀሩትን ሁለቱን ብቻ ይዘው የማሸነፍ መቶኛውን እንደገና ያሰላሉ።

የዚያ የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት በዚህ መንገድ ሲታረም ከ22.9 እና 64.3 ተነሥቶ ወደ 41.9 እና 51.6 ተጠጋ። አርባው ነጥብ ወደ አሥር ወረደ። አሥሩ ለምን ቀረ የሚል ይኖራል፤ «አሳጥር» የተባለ ሞዴል አንዳንድ ጊዜ አስፈላጊውንም ነገር ስለሚቆርጥ ልዩነቱ ፈጽሞ ዜሮ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። መሻሻሉን ያረጋገጡት ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ቻትቦት አሬና በተባለው መድረክ ተጠቃሚዎች የሁለት ስማቸው የተደበቀ ሞዴሎችን መልስ እያዩ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በዚያ ድምፅ የሞዴሎች ደረጃ ይወጣል። የአልፓካኢቫል ደረጃ ከዚያኛው ጋር ያለው ተዛምዶ ከ0.94 ወደ 0.98 ከፍ አለ፤ 1 ማለት ሁለቱ ሠንጠረዦች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አላቸው ማለት ነው።

ትንሽ ቆም ብለን ግን፣ መስፈሪያ የሆነው የሰዎች ድምፅ ራሱ ከርዝመት ንጹሕ ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የአሬና አዘጋጆች ይህንኑ ጠይቀው በሰዎቹ ድምፅ ላይ ተመሳሳይ እርማት አደረጉ። ከርዝመት ሌላ የአጻጻፍ ማስዋቢያዎችን፣ ማለትም ርዕሶችን፣ ዝርዝሮችንና በደማቅ የተጻፉ ቃላትን ጨመሩበት። ጂፒቲ-4ኦ ሚኒ እና ግሮክ-2 ሚኒ በደረጃ ወረዱ፤ ክሎድ 3.5 ሶኔት እና ትልቁ ላማ 3.1 ወጡ። የሰው ፍርድም በሥልት እንደሚመራ ማሳያ ነው። ስለዚህ «ሰው ያለው ትክክል ነው» ብሎ መነሣት አያዋጣም፤ የትኛው ሰው፣ ምን ተብሎ ተጠይቆ፣ ስንት ደቂቃ ተሰጥቶት የሚለው አብሮ መታወቅ አለበት።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። አንድ ድርጅት ለገበሬዎች በአማርኛ ምክር የሚሰጥ ቻትቦት አለው እንበል፤ ምሳሌው የፈጠራ ነው፣ ስሌቱ ግን የሚሠራ። አዲስ ሞዴል መጥቷል፤ ከአሮጌው ይሻላል ወይ? አንድ ሺህ ጥያቄ ለሁለቱም ቀረበ፣ ዳኛ ሞዴል ቦታ እያቀያየረ ፈረደ፤ አዲሱ 63 በመቶ አሸነፈ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው «ስህተቱ ወደ 3 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ በእርግጥ ይሻላል» ብሎ ሊፈርም ይችላል።

ከመፈረሙ በፊት ከሺዎቹ 200 ጥያቄ በዕጣ ይወጣል። በዕጣ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ዳኛው የተጠራጠረባቸውን ብቻ መርጦ ለሰው መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፣ ዳኛው በሙሉ ልብ የሳታቸው ጥንዶች ከነጭራሹ አይታዩምና። ጥንዶቹ ለግብርና ባለሙያዎች ይቀርባሉ። የትኛው መልስ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ አይነገራቸውም፣ የማሽኑንም ፍርድ አያዩም። ባለሙያዎቹ ከ200 ጥንድ በ106ቱ አዲሱን፣ በ94ቱ አሮጌውን መረጡ። ይህ 53 በመቶ ነው። ዳኛው በእነዚሁ 200 ላይ አዲሱን የመረጠው 124 ጊዜ፣ ማለትም 62 በመቶ ነበር።

አሁን ሁለቱን ፍርድ እናስተያይ። ባለሙያዎቹ አዲሱን ከመረጡባቸው 106 ጥንዶች ዳኛው በ90ው ተስማማ፣ በ16ቱ ሳተ። አሮጌውን ከመረጡባቸው 94 በ60ው ተስማማ፣ በ34ቱ ሳተ። በጠቅላላው ስምምነቱ ከ200 ጥንድ 150፣ ማለትም 75 በመቶ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ቢታይ የሚያስከፋ አይደለም፤ ምንም እንኳ ሳንቲም በመወርወር ብቻ 50 በመቶ ማግኘት እንደሚቻል ባይረሳም። ጉዳዩ ያለው የስህተቶቹ አቅጣጫ ላይ ነው። ወደ አዲሱ ያዘነበሉት ስህተቶች 34፣ ወደ አሮጌው ያዘነበሉት 16። ቢጣፉ ኖሮ 25 ለ25 ይሆኑ ነበር። የ18 ብልጫ ከ200 ላይ 9 በመቶ ነው፤ ዳኛው አዲሱን በ9 ነጥብ ያስበልጣል ማለት ነው።

ማረሚያው እንግዲህ መቀነስ ነው፤ ከሺው ላይ ከተገኘው 63 ዘጠኙን ስናወጣ 54 በመቶ ይቀራል። ነገር ግን ያ ዘጠኝ ራሱ ከ200 ጥንድ ብቻ የተገመተ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ወደ 7 ነጥብ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። እውነቱ ከ47 እስከ 61 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ለመናገር ማስረጃው አልበቃም። ከእርማቱ በፊት ሰውየው የሚፈርምበት እርግጠኝነት ነበረው፤ እርማቱ እርግጠኝነቱን ወሰደበት።

ከዚህ በኋላ የሚመረመሩት እነዚያ 34 ጥንዶች ናቸው። እያንዳንዱን አውጥቶ የትኛው መልስ ረዘም እንደሚል መቁጠር ነው። በ34ቱ ውስጥ የአዲሱ ሞዴል መልስ በአብዛኛው ረጅሙ ከሆነ፣ ርዝመታቸው በሚቀራረብ ጥንዶች ላይ ደግሞ የዳኛውና የባለሙያዎቹ ስምምነት ከፍ ካለ ጥፋተኛው ርዝመት ነው። የስታንፎርዱን ዓይነት እርማት ማድረግ ያኔ ያዋጣል። ልዩነት ካልታየ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ለምሳሌ አዲሱ ሞዴል «በሄክታር ይህን ያህል ዩሪያ ጨምር» ብሎ በሙሉ ልብ የተሳሳተ መጠን ሲናገር ዳኛው አምኖት ሊሆን ይችላል። ዳኛ ሞዴል የማያውቀውን ነገር ማረም አይችልም። በበርክሌዩ ጥናት የሒሳብ መልሶችን ሲያርም ከ20 ጥያቄ በ14ቱ የሳተ ዳኛ፣ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ተሠርቶ በአጠገቡ ሲቀመጥለት ስህተቱ ወደ ሦስት ወርዷል። ለገበሬዎቹም ጉዳይ ባለሙያ ያጸደቀው የማዳበሪያ መጠን ከጥያቄው ጋር ለዳኛው ቢሰጠው የርዝመት እርማት የማያመጣውን ለውጥ ያመጣል።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «200ውን በሰው ካስፈረድን የማሽኑ ሺህ ፍርድ ምን ጨመረ?» ቢል ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በምሳሌያችን ስሌት መልሱ «እምብዛም» ነው፤ የባለሙያዎቹ 53 በመቶ ብቻውን ቢወሰድም ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀው በዚያው በሰባት ነጥብ ያህል ነው። ረቀቅ ባለ ቀመር፣ የማሽኑን ፍርድ በሙሉ ሳይሆን በሚገባው ክብደት ልክ ብንጨምረው እንኳ 200 የሰው ፍርድ የ250 ያህል ጉልበት ቢያገኝ ነው። በጀርመን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ይህንን ወሰን በሒሳብ አስቀምጠውታል። ዳኛው ከሚፈርድበት ሞዴል የተሻለ ካልሆነ፣ የቱንም ያህል ብልህ እርማት ቢደረግ የሚያስፈልገውን የሰው ፍርድ ቢበዛ በግማሽ ቢቀንስ ነው እንጂ ከዚያ አያልፍም። ዳኛ ሞዴል ትርፉ የሚታየው ስምምነቱ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ወይም በየቀኑ የሚደረጉ ትንንሽ ሙከራዎችን ለማጣራት፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ለሰው ትቶ።

ደግሞ ዳኛው የሚያዘነብል ብቻ ሳይሆን የሚታለልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ለማንኛውም ጥያቄ አንድና ያውን ጽሑፍ የሚመልስ «ሞዴል» ሠሩ። ጽሑፉ ለጥያቄው መልስ አልነበረም፤ የዳኛውን መመሪያ አቀማመጥ እየመሰለ፣ ጥያቄውና መልሶቹ የት ተጀምረው የት እንዳለቁ ዳኛውን የሚያደናግር ነበር። ይህ ምንም የማያነብ ሞዴል በአልፓካኢቫል 86.5 በመቶ አሸነፈ፤ ያውም ርዝመት ከታረመ በኋላ። አንዱን ቀዳዳ የሚደፍን እርማት ሌላውን አይደፍንም። አንድ ሰው አሥር መልሶችን ብቻ ቢያነብ ግን ማጭበርበሩ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

እስካሁን ያነሣኋቸው የስምምነት ቁጥሮች ሁሉ የተገኙት በእንግሊዝኛ ጥያቄዎችና መልሶች ነው። 85 በመቶው ወደ አማርኛ አይሻገርም። አማርኛን ከእንግሊዝኛ እጅግ ባነሰ ጽሑፍ የተማረ ሞዴል በአማርኛ ላይ ዳኛ ሲሆን ምን እንደሚያይ ካልተለካ አይታወቅም። ዘይቤው የተሰበረ ግን የተንዛዛ መልስ ሊያስደስተው ይችላል፤ «አንቱ» በሚባልበት ቦታ «አንተ» የሚል መልስ ላያስከፋው ይችላል። ርዝመትንም ስንለካ በምን እንደምንቆጥር መወሰን አለብን። በአማርኛ አንድ ቃል እንግሊዝኛ በአራት ቃል የሚለውን ሊሸከም ስለሚችል፣ አንዱ ሞዴል እንግሊዝኛ ቃላት እየቀላቀለ ሲመልስ ሌላው በንጹሕ አማርኛ ከጻፈ የቃል ቆጠራው ብቻውን ያሳስታል። በፊደል መቁጠርም ቢሆን የላቲኑና የእኛው ፊደል አንድ ስላልሆኑ ከዚህ ጣጣ አያድንም።

ስለዚህ በአማርኛ ዳኛ ሞዴል ሊጠቀም ያሰበ ሰው የመጀመሪያ ወጪው የሰው ፍርድ መሆን ይኖርበታል። እያንዳንዱን ጥንድ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ይፈርዱበታል፤ ያለዚያ ሰዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ አይታወቅምና የማሽኑ 75 በመቶ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነገርበት መነሻ አይኖርም። በአልፓካኢቫል የአንድ ሰው ፍርድ ከሌሎቹ ብዙኃን ጋር የተስማማው 65.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ጂፒቲ-4 በ69.2 በመቶ ይበልጠው ነበር። ሰዎቹ በ66 በመቶ በሚስማሙበት ሥራ ከማሽን 90 መጠበቅ ከንቱ ነው፤ በ95 በሚስማሙበት ሥራ ደግሞ 75 አሳፋሪ ነው። ፈራጆቹ ከፊርማቸው ጎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያታቸውን ቢጽፉ «ረጅም ስለሆነ» እና «ትክክል ስለሆነ» ይለያያሉ። የዳኛው ሞዴል እትም በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ያው 200 ጥንድ እንደገና ይቀርብለታል፤ የባለፈው ዘጠኝ ነጥብ የአዲሱ እትም ዘጠኝ ነጥብ አይደለም።